የጎፈሬ ጠርዝ፣ አረንጓዴው ጭጋግና ንጹህ ግራጫ ጀርባ

ጥያቄ፦ «የእህቴን የምርቃት ፎቶ ሳሎን ውስጥ አነሳሁ። ፀጉሯ ጎፈሬ ነው። ከኋላዋ በቀኝ አረንጓዴ መጋረጃ፣ በግራ መጽሐፍ የሞላበት የእንጨት መደርደሪያ አለ። ጀርባውን በፎቶሾፕ ወደ ንጹህ ግራጫ ስቀይረው ፀጉሯ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፤ ጠርዙን ሳለሰልሰው ደግሞ ዙሪያውን አረንጓዴ ጭጋግ ይከበዋል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

መቀሱም ጭጋጉም ከአንድ ምንጭ የሚመጡ ናቸው። አንድ ነጠላ ፀጉር ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ፎቶዎ በአግድም 4000 ፒክስል ቢኖረውና ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢያሳይ፣ አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከጎፈሬው ወጣ ያለች አንዲት ጭራ አንድን ፒክስል እንኳ ሙሉ በሙሉ አትሞላም፤ ካሜራው በዚያ ፒክስል ላይ የመዘገበው ቀለም ግማሹ ፀጉር ግማሹ መጋረጃ የሆነ ድብልቅ ነው። ይህን ድብልቅ በደረቅ መስመር ለሁለት ሲከፍሉት የመቀስ ሥራ ይመስላል፤ እንዳለ ሲተዉት ደግሞ የመጋረጃውን ቀለም ይዞ አዲሱ ጀርባ ላይ ይቀመጣል።

ጭጋጉ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ቢያዩት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፎቶሾፕ ብርሃንን ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ ባለው ቁጥር ይለካል። የፀጉሩ ብርሃን 30፣ የመጋረጃው 150 ነው እንበል፤ ግማሽ በግማሽ የተደባለቀው ፒክስል 90 ይሆናል። አሁን ማስኩ፣ ማለትም የምስሉ የትኛው ክፍል እንደሚታይና የትኛው እንደሚደበቅ የሚወስነው ጥቁርና ነጭ ሽፋን፣ ይህን ፒክስል በትክክል «ግማሽ» ብሎ ለይቶታል እንበልና 200 በሆነ ግራጫ ላይ እናስቀምጠው። ፎቶሾፕ የ90ን ግማሽና የ200ን ግማሽ ደምሮ 145 ይሰጠናል። ሆኖም እህትዎ በእርግጥ ግራጫ ጀርባ ፊት ቆመው ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ፒክስሉ የ30 ግማሽና የ200 ግማሽ፣ ማለትም 115 በሆነ ነበር። ከመጠን ያለፈው 30 የመጋረጃው ድርሻ ነው። ማስኩ እንከን ባይኖረውም ጭጋጉ አልጠፋም ማለት ነው፤ ምክንያቱም መጋረጃው የቀረው በማስኩ ውስጥ ሳይሆን በፒክስሉ ቀለም ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ጭጋጉን ለማጥፋት ማስኩን ወደ ውስጥ እያጠበበ ይሄድና ፀጉሩን ይከረክመዋል፤ ከዚያ መከርከሙ ሲያስጠላው መልሶ ያለሰልሰዋል። እርስዎም የገቡት በዚህ አዙሪት ውስጥ ይመስለኛል። መውጫው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው፤ መጀመሪያ ቅርጹን በማስክ፣ ቀጥሎ ቀለሙን በሌላ ሌየር፣ ማለትም በፎቶው ላይ በሚደረብ ሌላ ንጣፍ።

ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ያለው ፋይል ከካሜራው በቀጥታ የወጣው መሆኑን ያረጋግጡ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ የመጣ ምስል መጠኑ ያነሰና የታመቀ ስለሆነ፣ በፀጉሩ ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም ትናንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሰባበራል፤ በዚያ ላይ የቱንም ያህል ቢደክሙ ለስላሳ ጠርዝ አያገኙም። የላከልዎት ሌላ ሰው ከሆነ እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።

ለሰውነቱ ብዙ አይጨነቁ። ትከሻው፣ ካባው፣ ጆሮውና አንገቱ ጥርት ያለ ጠርዝ ስላላቸው በ Select ሥር ያለው Subject በአብዛኛው በአግባቡ ይይዛቸዋል። ከመረጠ በኋላ የሌየር ማስክ ይጨምሩ፤ ከሰውየዋ ሥር አንድ ሙሉ ግራጫ ሌየር ያስገቡና የካባውን ጠርዝ አጉልተው እየተመለከቱ የተሳሳተውን በብራሽ ያስተካክሉ። ፀጉሩን ግን ለዚህ መሣሪያ አይተዉለት። ጎፈሬን እንደ አንድ ድፍን ክብ ቆጥሮ በጥቅልሎቹ መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል የሚታየው መጋረጃ ከሰውየዋ ጋር አብሮ ይመጣና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። በ Select and Mask ውስጥ ያለው Refine Edge Brush ጀርባው አንድ ወጥ ሲሆን መልካም ሥራ ይሠራል፤ መደርደሪያና መጋረጃ በአንድ ላይ ሲገጥሙት ግን የመጽሐፍ ጠርዝንና የፀጉር ጭራን መለየት ይቸግረዋል። እኔ እንዲህ ባሉ ፎቶዎች ላይ የምጠቀመው በቀድሞው መንገድ፣ በቻናል ነው።

ቻናል ማለት ምስሉ የተሠራባቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች እያንዳንዳቸው እንደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታዩ ነው። Channels የሚለውን ፓነል ከፍተው ሦስቱን ተራ በተራ ይመልከቱ፤ የሚፈልጉት ፀጉሩ በጣም ጨልሞ ጀርባው በጣም የበራበትን ነው። መጋረጃው አረንጓዴ በመሆኑ በ Green ቻናል ውስጥ ደምቆ ይታያል፤ ጥቁሩ ፀጉር ግን በሦስቱም ውስጥ ጥቁር ነው። መደርደሪያው ደግሞ ቡናማ ስለሆነ ብርሃኑ ያለው በ Red ቻናል ውስጥ ነው፤ በ Blue ውስጥ ከፀጉሩ ጋር አንድ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ በእርስዎ ፎቶ ላይ ለቀኙ ወገን አንድ ቻናል፣ ለግራው ሌላ ቻናል ያስፈልጋል። አንድ ቻናል ሁለቱንም እንዲሠራ ማስገደድ በዚህ ሥራ ላይ ከማያቸው ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ከመጋረጃው ወገን እንጀምር። የ Green ቻናልን በቀኝ ጠቅታ Duplicate Channel ብለው ያባዙት፤ ዋናውን ቻናል ራሱን ቢነኩት የፎቶው ቀለም ይበላሻልና ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። ወደ ሙሉው ቀለም ምስል ይመለሱና Eyedropper መሣሪያውን በ 5 by 5 Average አድርገው የፀጉሩንና የመጋረጃውን ቁጥር በ Info ፓነል ያንብቡ። በ G ረድፍ ላይ ፀጉሩ 32፣ መጋረጃው 150 ገደማ ሆነ እንበል። ቅጂውን መርጠው Ctrl+L ሲጫኑ Levels ይከፈታል፤ የጥቁሩን ተንሸራታች ወደ 40፣ የነጩን ወደ 140 ያምጡና የመካከለኛውን 1.00 ላይ ይተዉት። እነዚህን ቁጥሮች በግምት አልመረጥኳቸውም። ጥቁሩን በፀጉሩ ቁጥር አጠገብ፣ ነጩን በመጋረጃው ቁጥር አጠገብ ሲያቆሙ በመካከላቸው ያለው ግራጫ ሁሉ «ይህ ፒክስል ምን ያህሉ ፀጉር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። 91 የነበረው የግማሽ በግማሽ ፒክስል ግማሽ ግራጫ ይሆናል፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነው። ምስሉ ጥርት ይበል ብለው ሁለቱን ተንሸራታቾች ወደ መሐል ቢያቀራርቧቸው ግራጫው ይጠፋና ጭራዎቹ የመጋዝ ጥርስ ይመስላሉ። ያኔ መቀሱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መጋረጃ እጥፋት አለው፤ የእጥፋቱ ጥላ ደግሞ 95 ላይ ሊወርድ ይችላል። ከ Levels በኋላ ይህ ጥላ ግማሽ ግራጫ ሆኖ ይቀርና ማስኩ እንደ ፀጉር ይቆጥረዋል። መለየቱ አያስቸግርም፤ ፀጉር ቀጭንና ጠመዝማዛ መስመር ሲሆን የእጥፋት ጥላ ሰፊና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ጥላውን በ Lasso ዙሪያውን ከልለው፣ Feather የሚለውን 15 ፒክስል አድርገው፣ ለዚያ ክፍል ብቻ Levels እንደገና ይክፈቱና ነጩን ተንሸራታች ጥላው እስኪነጣ ድረስ ወደ ግራ ይሳቡ። እያንዳንዱ የጀርባ ክፍል የራሱ ነጭ አለው ብለው ቢያስቡት ሥራው ይቀላል። የቀሩትን ጥቃቅን ጥላዎች Dodge Tool በ Highlights፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ በሆነ Exposure ያነጣቸዋል፤ ጥቁሩን ፀጉር እምብዛም አይነካውም።

በመደርደሪያው ወገንም የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። የ Red ቻናልን ያባዙ፤ እንጨቱ 140፣ ፀጉሩ 45 ከሆነ ተንሸራታቾቹን 55 እና 130 ላይ ያቁሙ። በመጽሐፎቹ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ቀለም የተለያየ ቁጥር ስላለው በ Lasso ከፋፍሎ መሥራት እዚህ የግድ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መጽሐፍ ካለ ለጊዜው ይዝለሉት፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሁለቱም ቅጂዎች ሲያልቁ ፀጉሩ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር እንዲሆን በ Ctrl+I ይገልብጧቸው። ከዚያ ወደ ሰውየዋ ማስክ ይመለሱና የጎፈሬውን ዙሪያ በጥቁር ብራሽ፣ ጀርባው ከነቀዳዳዎቹ እስኪጠፋ ድረስ፣ ወደ ውስጥ ይብሉት። ፀጉሩ ለጊዜው ተላጭቶ ይታያል፤ አይደንግጡ። ቀጥሎ Ctrl ተጭነው የመጋረጃውን ወገን ቅጂ ትንሽ ሥዕል ጠቅ ሲያደርጉ ቻናሉ ወደ ምርጫ ይለወጣል። የሚንቀሳቀሰው ነጠብጣብ መስመር በቀጫጭኖቹ ጭራዎች ዙሪያ ባይታይም ጠፍተዋል ማለት አይደለም፤ ያ መስመር የሚያሳየው ከግማሽ በላይ የተመረጠውን ብቻ ነው። በ Ctrl+H ይደብቁትና ማስኩን መርጠው በሰፊ ነጭ ብራሽ፣ Opacity 100 በመቶ አድርገው በቀኙ ወገን ላይ ያልፋሉ። ጎፈሬው ከነቀዳዳዎቹ ተመልሶ ይበቅላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማውሱን ሳይለቁ በአንድ ጊዜ ይቀቡ። ለቀው እንደገና ከደገሙት 50 በመቶ የነበረው ፒክስል 75 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከደገሙት 87 በመቶ ይደርሳል፤ በዚህም ጠርዙ እየወፈረ ይሄዳል፣ የመጋረጃውም ድርሻ አብሮት ይጎላል። «ስቀባው መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ቆይቶ ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በመደርደሪያው ወገን በሁለተኛው ቅጂ ይድገሙት፤ በአናቱ ላይ ሁለቱ ወገኖች እንዳይደራረቡ ይጠንቀቁ። በፀጉሩ ውስጥ ብርሃን የመታቸው ጥቅልሎች በከፊል አሳላፊ ሆነው ግራጫው ዘልቆ ከታየ፣ ምርጫውን በ Ctrl+D አጥፍተው እነዚያን ቦታዎች ብቻ በነጭ ይድፈኗቸው።

ቅርጹ አለቀ፤ አሁን ቀለሙ ይቀራል። ከሰውየዋ ሌየር በላይ ባዶ ሌየር ይክፈቱና በ Alt+Ctrl+G ከእርሷ ጋር ያያይዙት፤ እንዲህ ሲሆን የሚቀቡት ሁሉ ከማስኩ ቅርጽ አይወጣም። የሌየሩን ሁኔታ Color ያድርጉ። ብራሹን ይዘው Alt በመጫን ከጠርዙ ትንሽ ገባ ካለ፣ ጀርባው ካልደረሰበት ቦታ የፀጉሩን ቀለም ይውሰዱና ጠርዙን ዙሪያውን ይቀቡ። አረንጓዴው ወዲያው ይጠፋል፤ ብርሃንና ጥላው ግን እንዳለ ይቆያል። ጥቁር ፀጉር አንድ ዓይነት ጥቁር ስላልሆነ በየቦታው ቀለሙን እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ወደ ቡናማ ያደላል።

Color የሚያስተካክለው የቀለሙን ዓይነት እንጂ ብርሃኑን አይደለም። በምሳሌያችን 90 የነበረው ፒክስል አረንጓዴነቱን ያጣል እንጂ ወደ 30 አይወርድም። ለዚህ ሁለተኛ ሌየር በተመሳሳይ መንገድ ያያይዙና ሁኔታውን Darken ያድርጉ። የፀጉሩን ቀለም ይዘው Opacity ከ20 እስከ 30 በመቶ በሆነ ለስላሳ ብራሽ የውጩን ጠርዝ ቀስ እያሉ ይደራርቡት። Darken ከያዙት ቀለም ይልቅ የበራውን ብቻ ስለሚያጨልም ቀድሞውኑ የጠቆረውን ፀጉር አይነካውም። ጠርዙ ሲጨልም ፀጉሩ ትንሽ የበዛ መስሎ ይታያል፤ ትክክለኛ መጠኑ ይህ ነው፤ ቀድሞ የሳሳ ይመስል የነበረው መጋረጃው ስለተቀላቀለበት ነው። ሆኖም ከመስኮት በመጣ ብርሃን ጠርዙ በእውነት ያበራበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አይቀቡ፤ ያ ብርሃን ከጠፋ ጭንቅላቱ ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ወደ ዘለልነው ጥቁር መጽሐፍ እንመለስ። ጥቁር ፀጉር ጥቁር ነገር ፊት ሲሆን ልዩነቱ በየትኛውም ቻናል ውስጥ የለም፤ ያልተመዘገበውን ደግሞ ከምስሉ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ላይ ጠርዙን አዲስ መሥራት ግድ ይላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ቀጭን ብራሽ ይዘው ቀጥ ያሉ ጭራዎችን ይሥላሉ። ለዘንፋላ ፀጉር ያዋጣል፤ ለጎፈሬ ግን ወዲያው ያጋልጣል፤ የጎፈሬ ጠርዝ የተጠማዘዙ ትናንሽ ቀለበቶች ስብስብ እንጂ የመስመሮች ረድፍ አይደለም። የሚሻለው ከራሷ መበደር ነው። በመጋረጃው ወገን በደንብ ከወጣው ጠርዝ አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ፣ ከነማስኩና ከቀለም እርማቱ፣ ወደ አዲስ ሌየር ይቅዱ፤ በ Flip Horizontal ይገልብጡት፣ ትንሽ ያዙሩትና በመጽሐፉ ቦታ ያስቀምጡት። ቁራጩ ከመጣበት ቦታ ጋር ፍጹም መንትያ እንዳይመስል በማስክ አንድ ሁለት ቀለበት ይቀንሱለት። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ከሆነ የተገለበጠው ቁራጭ የሚያበራው በተሳሳተው በኩል ይሆናልና በ Curves ያጨልሙት።

የግራጫውን መጠን በተመለከተ፣ ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ከቀድሞው ጀርባ ብርሃን ብዙ የማይርቅ ይውሰዱ። መጋረጃው 150 ነበር፤ ከ150 እስከ 170 ያለ ግራጫ በጠርዙ ላይ የቀረውን ጥቃቅን ስሕተት ሁሉ ይውጠዋል። ጥቁር ጀርባ ጠርዙ ላይ የቀረውን ብርሃን በሙሉ ያጋልጠዋል፤ በረዶ የመሰለ ነጭ ደግሞ ጭራዎቹን እያቀጠነ የቆሸሸ ክር ያስመስላቸዋል። ከዚህም ሌላ ፍጹም ወጥ የሆነ ግራጫ ከካሜራ የወጣ አይመስልም። ከመሐል ወደ ዳር በጥቂቱ የሚጨልም ቅልመት ያድርጉለት፤ በ Add Noise ውስጥ Gaussian እና Monochromatic መርጠው 1 ወይም 2 በመቶ ይጨምሩበት፤ መጠኑን የሚወስነው በፊቷ ላይ ያለው የፎቶው የራሱ ኖይዝ ነው። መጋረጃው በአንገቷና በጉንጯ ዳር ላይ አረንጓዴ ጥላ ጥሎ ከሆነ እርሱንም በዚያው በ Color ሌየር፣ በቆዳዋ ቀለም፣ በሳሳ ብራሽ ያንሡት፤ አለዚያ ፀጉሩ ጸድቶ ፊቷ ሳሎን ውስጥ ይቀራል።

ከመጨረስዎ በፊት ከሰውየዋ ሥር ለጊዜው ደማቅ ቀይ ሌየር ያስገቡ፤ ቀጥሎ ጥቁር፣ ከዚያም ነጭ። ቀዩ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎችን፣ ጥቁሩ የቀረውን የብርሃን ቀለበት፣ ነጩ ከጠርዙ ውጭ ተረስተው የቀሩ የመደርደሪያ ቁርጥራጮችን ያሳያል። ይህን ልማድ ያደረግሁት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ሙሽራ ፎቶ በላፕቶፕ ላይ እንከን የለሽ መስሎኝ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር አሳተምኩት፤ ሲታተም ከትከሻዋ በላይ የድንኳኑ ጨርቅ ቅሪት፣ ጣት የሚያህል ደብዛዛ ጥላ ሆኖ ብቅ አለ። ወጪውን ራሴ ችዬ ደግሜ አሳተምኩ። ፍተሻውን በ100 በመቶ ማጉላት ያድርጉት፤ በ300 በመቶ ሁሉም ፀጉር መጥፎ ስለሚመስል የሌለ ስሕተት ሲያሳድዱ ይውላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህንኑ ፎቶ ለዲቪ ወይም ለፓስፖርት ለመጠቀም አስበው ከሆነ ይተዉት፤ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በኮምፒውተር የተነካካ ፎቶ ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል። ነጭ ግድግዳ ፈልገው፣ ጥላዋ እንዳያርፍበት አንድ ሜትር ያህል አርቀው አቁመው፣ በመስኮት ብርሃን እንደገና ያንሷት። ለምርቃቱ ፎቶ ግን ሥራውን ከነሌየሮቹ በ PSD ያስቀምጡና ለማተሚያ ቤቱ ከእርሱ የወጣ JPEG በ Quality 11 ወይም 12 ይስጡ፤ ዝቅ ያለ ጥራት በጠርዙ ላይ የደከሙበትን ለስላሳ ግራጫ መልሶ ያሻክረዋል።